ቀኑ የተቆረጠ ብር የት ይቀመጥ? ሰሊጥ፣ ፌሮ ወይስ የግምጃ ቤት ሰነድ

ዛሬ የኩንታል ዋጋ አልያዝንም። የያዝነው በውስጥ መስመር በተለያየ መልክ ደጋግማችሁ የምትጠይቁንን አንድ ጥያቄ ነው፤ "እጄ ላይ ብር አለ፣ ለጊዜው አልፈልገውም፣ ምን ገዝቼ ላስቀምጥ?" የሚለውን።

ባለፈው አንዲት እናት በድምፅ መልእክት ላኩልን። የወፍጮ ቤት ድርሻቸውን ሸጠው 1,500,000 ብር ይዘዋል። ብሩ ግን ሥራ አለው። ከአንድ አልሚ ጋር የአፓርታማ ውል ተፈራርመዋል፤ ሚያዝያ 20 ላይ 600,000 ብር፣ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት 20 ላይ ደግሞ የመጨረሻውን 900,000 ብር መክፈል አለባቸው። ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ፤ ከዚያም ካለፈ ውሉ ይፈርሳል። "የባለቤቴ ወንድም ሰሊጥ ግዢ ይለኛል። ልጄ ፌሮ ይሻላል ይላል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ዋጋ የምታውቅ ሰው ነህ ልጄ፣ የቱ ይጨምራል?"

እኔም መልሼ የጠየቅኳቸው "እማማ፣ የአልሚው ውል በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ዋጋ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል?" ብዬ ነው። ውሉን አስነበቡና "በብር የተቆረጠ ነው፣ አይጨምርም" አሉኝ። የዛሬው ጽሑፍ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች መልስ ላይ ነው።

ሰሊጥና ፌሮ ለሳቸው ለምን አይሆንም?

እኛ የዕቃ ዋጋ ተከታታዮች ስለሆንን ዕቃ መያዝ አንጠላም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲሱ ሰሊጥ ከሁመራና ከመተማ ሲገባ ገዝቶ መያዝ የቆየ ንግድ ነው፤ ያተረፈበት ብዙ ነው። ግን ያተረፉትን ጠይቋቸው፤ መሸጫ ወራቸውን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ሚያዝያ ካልተመቸ ሰኔን ይጠብቃሉ። የሰሊጥ ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው እዚህ ብቻ አይደለም፤ ትልቋ ገዢያችን ቻይና ስትቀዘቅዝ መጋዘን የሞላ ሰው ሁሉ አብሮ ይቀዘቅዛል። ሚያዝያ 20 ላይ 600,000 ብር ማምጣት ያለበት ሰው "ትንሽ ልታገሥ" የማለት መብት የለውም። ገዢ ሲመጣም ችግርህን ከፊትህ ያነባል፤ በኩንታል ላይ የሚያወርደውም ያኔ ነው።

ፌሮም ያው ነው። ዝገቱን፣ የመጋዘን ኪራዩን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የደላላውን ቀንሱና የቀረውን ትርፍ እዩት። ሲሚንቶ ከሆነማ ሦስት ወር ካለፈው እየጠጠረ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዕቃ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ችግሩ "በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር እሆናለሁ" ብሎ ቃል አለመግባቱ ነው። የእማማ ዕዳ ደግሞ ቀንም የብር መጠንም ያለው ነው። ቀንና መጠን ያለው ዕዳ የሚፈልገው ቀንና መጠን ያለው ማስቀመጫ ነው።

የግምጃ ቤት ሰነድ ምንድነው?

ብዙዎቻችሁ "ቲ-ቢል" ሲባል ሰምታችኋል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ ከሕዝብና ከድርጅቶች ብር የሚበደርበት ሰነድ ነው። ብሔራዊ ባንክ በየሁለት ሳምንቱ በጨረታ ይሸጠዋል። ዕድሜው አራት ዓይነት ነው፤ 28 ቀን፣ 91 ቀን፣ 182 ቀን እና 364 ቀን። በየወሩ የሚቆጠር ወለድ የለውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዛሬ በቅናሽ ትገዙታላችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ሰነዱ ላይ የተጻፈው ሙሉ ብር ይከፈላችኋል። ልዩነቱ ትርፋችሁ ነው። የገዛችሁበት ቀን ላይ ቁጭ ብላችሁ የመጨረሻውን ብር እስከ ሳንቲሙ ታውቁታላችሁ።

ድሮ ይሄ ነገር ለተራ ቆጣቢ ወሬም አልነበረም። ወለዱ በጣም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለነበር የሚገዙት በአብዛኛው እንደ ጡረታ ፈንድ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ጨረታው በገበያ ዋጋ እንዲሆን ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ወለዱ በተጫራቾች ዋጋ የሚወሰን ሆነ። አንድ ማስታወሻ፤ ከእያንዳንዱ ጨረታ በኋላ በሚወጣው ውጤት ላይ ለየዕድሜው የቀረበው መጠን፣ የተሸጠው መጠን፣ አማካይ ዋጋና አማካይ ዓመታዊ ወለድ ይታያል። እኛ የቡና ዋጋ እንደምናነበው እሱንም ማንበብ ይቻላል። ዋጋው የሚነገረው ለ100 ብር ነው። "87.75" ካለ፣ ቀኑ ሲደርስ 100 ብር የሚከፍለውን ሰነድ ዛሬ በ87 ብር ከ75 ሳንቲም ትገዛላችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ87.75 እስከ 100 ያለው ልዩነት 12.25 ነው። "አሃ፣ ወለዱ 12.25 በመቶ ነው" ይላል። አይደለም። ያወጣችሁት 100 ብር ሳይሆን 87.75 ነው። 12.25ን ለ87.75 ብታካፍሉት 14 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከባንክ ወለድ ጋር ማወዳደር ያለባችሁ ይሄን ነው። ለአጫጭሮቹ ሰነዶች ደግሞ የመጣውን በቀናቱ አካፍላችሁ በ365 ማባዛት ነው። ይሄን ሒሳብ በስልካችሁ ካልኩሌተር ሠርታችሁ ካልሆነ ማንም በሚነግራችሁ መቶኛ አትዋዋሉ።

የእማማን ብር እናስላው

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በሁለቱም ዕድሜ ዓመታዊው ወለድ 14 በመቶ ነው እንበል። ትክክለኛውን ቁጥር እናንተ ከምትገዙበት ጨረታ ውጤት ትወስዳላችሁ፤ አካሄዱ ያው ነው።

በ14 በመቶ የ182 ቀኑ ዋጋ ለ100 ብር 93.47 ይሆናል፣ የ364 ቀኑ ደግሞ 87.75። እማማ ሚያዝያ ላይ 600,000 ስለሚፈልጉ 600,000 ብር የተጻፈበት የ182 ቀን ሰነድ ይገዛሉ፤ ዛሬ የሚያወጡት 560,820 ብር ነው። ለቀጣዩ ጥቅምት 900,000 ብር የተጻፈበት የ364 ቀን ሰነድ ይገዛሉ፤ የሚያወጡት 789,750 ብር ነው። ድምሩ 1,350,570 ብር። ሁለቱም ክፍያ ከወዲሁ ታስሯል፣ እጃቸው ላይም 149,430 ብር ቀርቷል። ግብርም ሆነ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ካለ ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ያንኑ ብር ተራ የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ቢተዉት ምን ያገኙ ነበር? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ ጣሪያ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚያ ሒሳብ በተመሳሳይ ጊዜ 75,000 ብር ገደማ ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። በጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ከሆነ ግን ወለዱ በድርድር ነው፤ ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ባንኩን አስጨንቆ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ባንካችሁን ዋጋ ሳትጠይቁ ወደ ሰነዱ አትሩጡ። ሁለቱንም በአንድ መቶኛ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቁጠሩ

ትልቁ ብልሃት ያለው የቀን ቆጠራው ላይ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 91 ቀን ሦስት ወር ከአንድ ቀን፣ 182 ቀን ስድስት ወር ከሁለት ቀን ነው (ጳጉሜ መሃል ካልገባች)። 364 ቀን ደግሞ በተራ ዓመት የዛሬ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

እማማ ሰነዱን የገዙበትና ብሩ የተቆረጠበት ቀን ጥቅምት 5 ነው እንበል። የ182 ቀኑ ሚያዝያ 7 ይከፈላል፤ የአልሚው ቀን ሚያዝያ 20 ስለሆነ 13 ቀን ትርፍ አላቸው። የ364 ቀኑ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት 4 ይደርሳል፤ እዚያም 16 ቀን ትርፍ አለ። ጥሩ ነው።

ግን ጨረታ ነውና ሊሸነፉ ይችላሉ። ጨረታው የሚሰጠው ከፍ ያለ ዋጋ ላቀረበ ነው። "18 በመቶ ካልሆነ አልገዛም" ብሎ ዋጋውን ያወረደ ሰው ገበያው በ14 ከረጋ ባዶ እጁን ይመለሳል። ያኔ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። ጥቅምት 19 ላይ የተገዛ የ182 ቀን ሰነድ ሚያዝያ 21 ይከፈላል። ከአልሚው ቀን በአንድ ቀን አለፈ! በአንድ ቀን ምክንያት ቅጣት ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ትልቁን ሰነድ በግድ መግዛት አይደለም። የ91 ቀኑን ገዝቶ፣ ሲመለስ በ28 ቀን አንድ ሁለቴ ማዞርና ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ባንክ ውስጥ ማሳደር ነው። ትንሽ ወለድ ይቀራል፣ ውሉ ግን አይነካም።

ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ትርፍ ያዙ የምለው። ደግሞም ባንካችሁን "ዋጋ ሳላቀርብ በአማካይ ዋጋ መግዛት እችላለሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋ መገመት ሥራው ላልሆነ ሰው ሃያ ሳንቲም ለማትረፍ ሁለት ሳምንት ማጣት አያዋጣም።

ከቀኑ በፊት ብሩ ቢፈለግስ?

ሰነዱ ቃሉን የሚጠብቀው እናንተ እስከ ቀኑ ከጠበቃችሁ ነው። ከዚያ በፊት ብር ቢያስፈልግ ለሌላ ሰው መሸጥ አለባችሁ፤ የሚሸጠው ደግሞ በዕለቱ ገበያ ነው። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያችን ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ነው። ገዢ እንደ መርካቶ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል ብላችሁ አታስቡ።

ገዢ ቢገኝ እንኳ ዋጋው ሊጎዳ ይችላል። እማማ የ900,000 ሰነዳቸውን በ87.75 ገዙ። ከ28 ቀን በኋላ ቸግሯቸው ሊሸጡ ወጡ እንበል፤ በዚህ መሃል የገበያው ወለድ ከ14 ወደ 18 በመቶ ወጥቷል። አዲሱ ገዢ 18 በመቶ ካላገኘ አይገዛቸውም፤ ስለዚህ የሚሰጣቸው ለ100 ብር 85.79 ገደማ ነው። ከገዙበት በታች ነው፤ በ900,000 ላይ 17,640 ብር ኪሳራ። ሰነዱ አልተበላሸም፣ መንግሥትም አልከዳም፤ ቀኑን አለመጠበቃቸው ነው ያከሰራቸው።

ስለዚህ የቀረችው 149,430 ብር ትርፍ መስላ ለበዓል በግ እንዳትውል። እሷ ናት ጠባቂያቸው። ሕመም ቢመጣ፣ ለቅሶ ቢመጣ፣ ሰነዱ ሳይነካ ከቁጠባ ሂሳብ የምትወጣው እሷ ናት። የድንገተኛ ብር ሳያስቀምጥ ያለ የሌለውን ሰነድ ላይ የጨረሰ ሰው ከላይ ያለችው ኪሳራ ትጠብቀዋለች።

"አስተማማኝ" ሲባል ከምን?

አንዳንዶቻችሁ "መንግሥት ራሱ ዕዳ አልከፍልም ብሎ አልነበረም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀርታለች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ዕዳ በዶላር ነበር፣ ዶላር ደግሞ መንግሥት አያትምም። የግምጃ ቤት ሰነድ በብር ነው። በብር የተበደረ መንግሥት የሚቸግረው ብር ማጣት ሳይሆን የብሩ አቅም መውረድ ነው። አደጋው "አልከፈለኝም" በሚል መልክ ከመምጣቱ በፊት "ከፈለኝ፣ ግን ብሩ ምን ይገዛል?" በሚል መልክ ይመጣል።

ይሄ ደግሞ በዓይናችን ያየነው ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ዓመቱን ሙሉ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የሰነዱ ወለድ ግን ከ10 በመቶ ብዙ አልራቀም። ያኔ ሰነድ የያዘ ሰው ብሩ በቁጥር ጨመረ፣ በጤፍ ሲለካ ግን ቀነሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባልም፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሰነዱ ከዚህ አላዳነም፤ ሊያድንም አልተሠራም።

ስለዚህ ለእማማ የጠየቅኳትን ጥያቄ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። ከእናንተ የሚጠበቀው ነገር በብር የተቆረጠ ነው? የአልሚ ክፍያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባንክ ብድር፣ የተስማማችሁበት የመኪና ዋጋ ከሆነ ሰነዱ ልክ ነው። አልሚው በ14 ዓ.ም. ዓይነት ንረት ውስጥም ቢሆን ከ900,000 በላይ ሊጠይቃቸው አይችልም። በተቃራኒው የዛሬ ዓመት ራሳችሁ ቤት ልትሠሩ ከሆነ፣ ዕዳችሁ በብር ሳይሆን በፌሮና በሲሚንቶ ነው። ያኔ የልጃቸው ምክር ስሜት ይሰጣል፤ የማይበላሸውን ቀድሞ መግዛት ሊያዋጣ ይችላል። ዕቃው ለሚሸጥ ሳይሆን ለሚሠራበት ሰው ማለቴ ነው።

ብሩ የሚፈለገው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ከሆነስ? ከ364 ቀን በላይ የሚሄድ ሰነድ ስለሌለ እየታደሰ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያውን ዓመት ታውቁታላችሁ፣ የሁለተኛውን ግን የዛሬ ዓመት ጨረታ ነው የሚነግራችሁ። ወለዱ ከወረደ የምታገኙት ይወርዳል። ስለዚህ ለሦስት ዓመት ስታቅዱ የዛሬውን ወለድ በሦስት አታባዙ፤ ለኋለኞቹ ዓመታት ዝቅ ያለ ቁጥር ይዛችሁ አስሉ፣ ከበለጠ ደስ ይበላችሁ።

ባንክ ስትሄዱ

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በእኔ ስም ለጨረታው ታቀርቡልኛላችሁ ወይ፣ ዝቅተኛው መጠንስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከእኔ የምትቆርጡት የአገልግሎት ክፍያና ግብር ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፣ ከገዛሁ በኋላ በስሜ የተመዘገበ፣ የሰነዱን ሙሉ መጠን፣ የገዛሁበትን ዋጋና የመክፈያ ቀኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ምን ትሰጡኛላችሁ? ሦስተኛውን በቃል የመለሰላችሁን ሰው ተዉት።

በቴሌግራም "የቲ-ቢል አክሲዮን፣ በየወሩ 5 በመቶ" የሚሉም ስላሉ ተጠንቀቁ። መለየቱ ቀላል ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ በየወሩ ትርፍ አይከፍልም፣ አክሲዮን አይደለም፣ ብሩም በግለሰብ ሂሳብ አይገባም። ከሦስቱ አንዱን ከሰማችሁ ሰነድ አይደለም።

እማማ ይሄን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ምን አሉ መሰላችሁ? "እንግዲህ ሰሊጡን ለባለቤቴ ወንድም ተወው፣ እሱ ቀጠሮ የለበትም" አሉኝ። የኔን አንድ ሰዓት ማብራሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ነገ ጠዋት በእህል ገበያው ዋጋ እንመለሳለን። ቸር እንሰንብት።